«ጥቂት ቀን» ተብሎ 20 ዓመት፦ ሰው አገር ላላችሁ እህቶች ስለ ያዕቆብ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ስልኬን እከፍታለሁ። ከቤሩት፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት የተላኩ የድምፅ መልእክቶች ይጠብቁኛል። ብዙዎቹ በሹክሹክታ ነው የሚቀረጹት፤ ማዳም ስትተኛ፣ ሽንት ቤት ተገብቶ፣ ቧንቧ ተከፍቶ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስለማስተምር የሚጠይቁኝ ስለ እግዚአብሔር ነው። እኔም ዞሬ ዞሬ የምደርሰው ያዕቆብ ጋ ነው። አባቶቻችን አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ ስንል ስለለመድነው ነው እንጂ፣ ኦሪት ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 27 እስከ 35 ብታነቢው ሰው ቤት ተቀጥሮ ደመወዙን የተበላ ስደተኛ ታገኛለሽ።

«እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ደወል የለ። እግዚአብሔር አገሬ ቀርቷል»

ያዕቆብ ከቤት የወጣው ወንድሙን ፈርቶ ነው። መንገድ ላይ ፀሐይ ጠለቀችበት፣ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። መሠዊያ የለም፣ ካህን የለም፣ የሚያውቀው ሰው የለም። መሰላሉን ያየው እዚያ ነው፤ «ከአንተ ጋር ነኝ፣ በምትሄድበት ሁሉ እጠብቅሃለሁ» የተባለውም እዚያ ነው። ሲነቃ ደነገጠ፤ እግዚአብሔር በዚህ ስፍራ መኖሩን አላወቅሁም ነበር አለ። ቦታውን ቤቴል፣ የእግዚአብሔር ቤት ብሎ የሰየመው ከዚያ በኋላ ነው። ሲተኛበት ሜዳ ነበር።

አልዋሽሽም፣ ቅዳሴና ቁርባን መራቅ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ በስልክ የሚታይ ቅዳሴ አይተካውም። ናፈቀኝ ብለሽ ብታለቅሺ ልክ ነሽ። ግን ናፍቆትሽ አንድ ነገር ነው፣ እሱ የለም ማለት ሌላ ነገር። ልብስ ስታሰጪ የምትቆሚባት በረንዳ ላይ አቡነ ዘበሰማያት በይ። ያዕቆብም ይዞት የተነሣው የተንተራሰውን ድንጋይ ነው፤ ሐውልት አድርጎ አቆመው፣ ዘይት አፈሰሰበት። ሌላ ምን ነበረው?

«ብቸኝነቱ ሊገድለኝ ነው። እምነት ቢኖረኝ እንዲህ አልሆንም ነበር»

ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ያ መሰላሉን ያየ፣ «ከአንተ ጋር ነኝ» የተባለ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንዳለ ምዕራፍ 31 ላይ አለልሽ፦ ቀን ሐሩር ሌሊት ቁር ይበላኝ ነበር፣ እንቅልፍም ከዓይኔ ጠፋ። እግዚአብሔር አብሮት ነበረ፣ እንቅልፍም አልነበረውም። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ጊዜ።

እዚህ ላይ ከያዕቆብ ትንሽ ልውጣ። ነቢዩ ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል መልአኩ አልገሠጸውም፣ ስብከትም አልጀመረለትም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ኤልያስ በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ስለዚህ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ አልወርድ ካለሽ፣ «እምነቴ ነው» ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ፤ መጀመሪያ ሰውነትሽ ይብላ፣ ይረፍ። ሞትን መመኘት ከመጣ ደግሞ እስከ እሁድ አትጠብቂኝ። ያንኑ ቀን አጠገብሽ ላለች ለአንዷ ንገሪያት።

«ሁለት ዓመት ብቻ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ይኸው ስድስተኛዬ። ረስቶኛል»

ርብቃ ልጇን ስትሸኘው «ጥቂት ቀን ተቀመጥ» ነበር ያለችው። ጥቂት ቀኑ 20 ዓመት ሆነ። ለራሔል 7 ዓመት አገለገለ፣ በሠርጉ ሌሊት ልያን ሰጡት፣ ሌላ 7 ዓመት ጨመረ። 14 ሲሞላው «አሰናብተኝ፣ ወደ አገሬ ልሂድ» አለ። አጎቱ ላባ ለምኖ አስቀረውና 6 ዓመት ለመንጋ ሠራ። የቤቴሉን ቃል እስቲ አስተውይው፤ «ወደዚህች ምድር እመልስሃለሁ» ይላል እንጂ ቀን አይቆርጥም። ቀን የቆረጠችው እናቱ ናት፣ የእናት ነገር ሆኖባት።

ተስፋሽን ኮንትራቱ ላይ በተጻፈው ቀን ላይ ከሰቀልሽው ቀኑ ሲያልፍ ተስፋውም አብሮ ይወድቃል። ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ እዚህ ያለን ሰዎች ብንቆጣም፦ አንዳንዴ ኮንትራቱን የሚያራዝመው እግዚአብሔር አይደለም፣ እኛ ነን። ቆርቆሮው ሲያልቅ አጥሩ፣ አጥሩ ሲያልቅ የወንድምሽ ባጃጅ። «አንድ ዓመት ብቻ ጨምሪ» ሲሉሽ ላባም እንደዚያ ብሎ ነበር በያቸው።

«የአምስት ወር ደመወዜን ይዘውብኛል። ለእግዚአብሔር ሰጥቼ ልቻለው?»

ለእግዚአብሔር ስጪው፤ ግን ዝም በይ ያለሽ የለም። ላባ የያዕቆብን ደመወዝ 10 ጊዜ ለዋውጦበታል። እግዚአብሔርም «ላባ የሚያደርግብህን ሁሉ አይቻለሁ» አለው፣ አስከትሎም «ተነሥ፣ ከዚህ አገር ውጣ»። ቻለው አላለውም። ኦሪት ዘዳግም 24 ደግሞ የድኻ ሠራተኛን ደመወዝ፣ መጻተኛም ቢሆን፣ ፀሐይ ሳትገባ ስጥ ይላል። ደመወዝሽን መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ የያዘብሽ ሰው ላይ ነው።

የያዕቆብን አካሄድ ልብ በይ። ስለ ደመወዙ ሲዋዋል ዝንጉርጉሩና ጥቁሩ የእኔ፣ ሌላው የአንተ አለ፤ ማንም አይቶ ሊለየው እንዲችል። አንቺም የተከፈለሽንና የቀረውን በወር በወር ጻፊ፣ የኮንትራቱንና የፓስፖርቱን ፎቶ ለቤተሰብ ላኪ። ሊወጣ ሲልም በንዴት ብድግ አላለም። ራሔልንና ልያን ሜዳ ጠርቶ መከረ፣ ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ቀን ተነሣ። በሌሊት አንሶላ ቋጥሮ በበረንዳ መውረድ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ስንቷን ቀብረናል። መጀመሪያ ለቆንስላው ወይም ለምታምኛት እህት ያለሽበትን ቦታ አሳውቂ።

«እናቴ ስትሞት አልነበርኩም። አልቀበርኳት፣ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ»

ይሄኛው ይከብደኛል፣ የቤታችን ነገር ስለሆነ። እናታችን ስታርፍ ታናሽ እህቴ ቤሩት ነበረች። «ሰው ቤት ናት፣ ብቻዋን ምን ትሆናለች» ብለን እስከ አርባዋ ደበቅናት። በየሳምንቱ «እማዬን ስጡኝ» ስትል «ተኝታለች»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» እንላለን። የአርባውን ፎቶ አንዱ ዘመድ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። መርዶዋን ከስልክ አነበበች፣ እጇ ላይ የሰው ሕፃን እንደያዘች።

ርብቃ «ጥቂት ቀን» ብላ ከሸኘችው በኋላ ያዕቆብ እናቱን መልሶ እንዳገኛት መጽሐፉ አይነግረንም። የሚነግረን ምዕራፍ 35 ላይ ስለ ዲቦራ ነው፣ ስለ ርብቃ ሞግዚት። ያዕቆብ ከስደት ተመልሶ ሳለ ዲቦራ ሞተች፣ ከቤቴል በታች ዛፍ ሥር ተቀበረች፣ ዛፉም አሎንባኩት፣ የልቅሶ ዛፍ ተባለ። እኔ ሳነበው፣ ይህ የራሴ ስሜት ነው፣ ያዕቆብ እዚያ ያለቀሰው ለሞግዚቷ ብቻ አይመስለኝም። ቤቴል ደግሞ ያ ድንጋይ የተንተራሰበት ቦታ ነው። «ከአንተ ጋር ነኝ» የተባለበት።

እህቴ በሦስተኛው ዓመት መጣች። ተዝካሩም ሙት ዓመቱም አልፎ ነበር። የእናታችንን ነጠላ ስጡኝ አለች፣ ለብሳው ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀመጠች። ደንገል የጫነ ታንኳ በፊታችን ያልፋል። እስኪመሽ አለቀሰች፤ እኛም «በቃሽ» አላልናትም።