ተራ ጉንፋን፦ ከመጀመሪያው የጉሮሮ መከርከር እስከ ሙሉ ማገገም

ተራ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመም ነው። ጤነኛ አዋቂን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕክምና ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቀዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያመጣው ራይኖቫይረስ የሚባለው ቡድን ሲሆን ከ150 በላይ ዓይነቶች አሉት። ሰውነት አንዱን ዓይነት ቢለምደው ሌላውን ስለማያውቀው አዋቂ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከዚያ በላይ ይያዛሉ።

ሕመሙ የራሱ የቀን ቅደም ተከተል አለው። ይህንን ቅደም ተከተል ማወቅ የሚጠቅመው ከምንም በላይ ለአራተኛው ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የሚታየው ለውጥ መባባስ ስለሚመስል ብዙ ሰው ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን የሚጠይቀው ያኔ ነው።

ምልክት ከመታየቱ በፊት

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ፣ የማታጨስ፣ አስምም ሆነ ሌላ ሕመም የሌለባት የ30 ዓመት ሴት እንውሰድ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከፒያሳ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈረች። ብርድ እንዳይመታ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ያስነጥሳል፣ አፍንጫውን በእጁ ጠርጎ የፊት ወንበሩን ብረት ይይዛል። እሷም ያንኑ ብረት ይዛ ወረደች፤ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን አሸች። ቫይረሱ የሚተላለፈው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ነው፦ በታፈነ አየር ውስጥ በሚንሳፈፍ ብናኝ፣ ወይም ከእጅ ወደ ዓይንና ወደ አፍንጫ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ራይኖቫይረስ ከሰውነት ውስጥ ሙቀት ይልቅ የአፍንጫው ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ በደንብ የሚራባው 33 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ካልገባ ብርድ ብቻውን ጉንፋን አያመጣም። እንዲያውም በተሞላ ታክሲ ውስጥ አንድ መስኮት በጣት ስፋት መክፈት ከመዝጋቱ የተሻለ መከላከያ ነው።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይወስዳል። የእኛዋ ሴት ሰኞ ማታ ጀመራት እንበል።

የመጀመሪያው ቀን

መጀመሪያ የሚሰማው አፍንጫ ከጉሮሮ በሚገናኝበት ከላንቃ በስተኋላ ባለው ቦታ ነው። ይከረክራል፣ ይደርቃል፣ ምራቅ ሲዋጥ ትንሽ ይሻክራል። ከቶንሲል የሚለየው በዚህ ነው፦ ቶንሲል ምግብ እስኪያስተው ድረስ ያማል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳልና ንፍጥ የለውም። የጉንፋኑ መከርከር በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ራይኖቫይረስ የአፍንጫን ሽፋን ብዙም አያቆስልም። መከርከሩን፣ ማስነጠሱንና ንፍጡን የሚያመጣው ሰውነት ቫይረሱን ሲያውቅ የሚለቃቸው ኬሚካሎች ናቸው። ለዚህ ነው ቫይረሱ ገብቶባቸው ምንም ምልክት የማያሳዩ ሰዎች ያሉት።

በዚህ ቀን ሕመሙን የሚያስቀር መድኃኒት የለም፤ ከጀመረ በኋላ የሚወሰድ ቫይታሚን ሲም ቀኑን አያሳጥረውም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ አሟሙቶ ጉሮሮን መጉመጥመጥ ግን መከርከሩን ለተወሰነ ሰዓት ያስታግሳል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን፦ ከባዱ ጊዜ

ማክሰኞ ጠዋት ጉሮሮው ትንሽ ሲሻል አፍንጫው ይተካዋል። ንፍጡ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፣ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ አንድ ፓኬት ሶፍት ለግማሽ ቀን አይበቃም። ማታ ደግሞ ይታፈናል። አፍንጫን የሚዘጋው ንፍጡ ብቻ አይደለም፤ ከሽፋኑ ሥር ያሉ የደም ስሮች አብጠው ነው መተላለፊያውን የሚያጠቡት። በጎን ሲተኙ ከታች የዋለው ቀዳዳ ይዘጋል፤ ሲገላበጡ ጥቂት ቆይቶ ያኛው ይከፈትና ሌላው ይታፈናል። አንድ ትራስ ጨምሮ ራስን ከፍ ማድረግ የሚያቀልለው ስለዚህ ነው። ሁለቱንም ቀዳዳ አፍኖ በኃይል መናፈጥ ንፍጡን ወደ ሳይነስና ወደ ጆሮ ስለሚገፋው አንዱን ቀዳዳ በጣት ይዞ ሌላውን በቀስታ ማጽዳት ይሻላል።

ረቡዕ ላይ ሕመሙ ጫፍ ይደርሳል፦ ራስ ይከብዳል፣ ድምፅ ይጎረናል፣ ሽታ ይጠፋል፣ ቡናውም አይጣፍጥም። አዋቂ ሰው ላይ ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከ38 ዲግሪ አያልፍም፤ ልጆች ላይ ሊያልፍ ይችላል። በድንገት ከ38.5 በላይ ወጥቶ ሰውነትን የሚቆራርጥና ከአልጋ የማያስነሳ ከሆነ ኢንፍሉዌንዛን ወይም ኮቪድን መጠርጠር ይገባል። ወደ ሌላ ሰው በብዛት የሚተላለፈውም በእነዚህ ቀናት ነው። ቢሮ መቅረት የሚቻል ከሆነ ከሁሉም ቀን ይልቅ ማክሰኞና ረቡዕ ቢቀሩ ይጠቅማል።

ለራስ ምታቱና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በቂ ነው። ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ፣ ማለትም ከ4 ግራም፣ ፈጽሞ አያልፍም፤ የጉበት ሕመም ያለበት ወይም ብዙ መጠጥ የሚጠጣ ሰው መጠኑን ሐኪም ሊወስንለት ይገባል። ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ «የጉንፋን» ተብለው የሚሸጡ ብዙ ቅልቅል ክኒኖች ራሳቸው ፓራሲታሞል አለባቸው። ሰው ሁለቱን አብሮ ሲወስድ ሳያውቅ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። የካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ወይም ፋርማሲስቷን «በዚህ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ?» ብሎ መጠየቅ ያድናል።

አፍንጫ የሚከፍቱት እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎች የደም ስሮቹን አኮማትረው በደቂቃዎች ውስጥ ያሳርፋሉ። ነገር ግን ከ5 ቀን በላይ ከተወሰዱ መድኃኒቱ ሲለቅ እብጠቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ ያን ለማስታገስ እንደገና ይጨመራል፤ ጉንፋኑ ካለፈ ከሳምንታት በኋላም ያለ ጠብታ መተንፈስ የማይችል ሰው የሚኖረው በዚህ መንገድ ነው። ማታ ማታ ብቻ፣ ለሦስት ቀን ያህል መጠቀም በቂ ነው።

ከቤት ውስጥ ዘዴዎች ዝንጅብል ሻይ በማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ፈሳሽም ይተካል፤ ማር ግን ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና መጠጣቱና ጤና አዳም በሻይ መደረጉ የኖረ ልማድ ነው፤ የቀናቱን ብዛት ያሳጥራል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ለጊዜው የመከፈት ስሜት ይሰጣል፤ የፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጎንበስ፣ በተለይ ለልጅ፣ የመቃጠል አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል።

አራተኛው ቀን፦ ንፍጡ ሲወፍርና ሲቀየር

ሐሙስ ጠዋት ሴትዮዋ ስትናፈጥ ሶፍቱ ላይ ወፍራም፣ ቢጫ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ንፍጥ ታያለች። «መግል ይዟል፣ ወደ ኢንፌክሽን ተቀይሯል» የሚባለው ያኔ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ቫይረሱን ሊዋጉ ወደ አፍንጫ ከጎረፉት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ በውስጣቸው ያለ ብረት አዘል ኢንዛይም በራሱ አረንጓዴ ነው። ጠዋት ላይ የሚጠቁረው ሌሊቱን ተጠራቅሞ ስለሚደርቅ ሲሆን እኩለ ቀን ላይ መልሶ ይነጣል። ባክቴሪያ ሳይኖር በተራ ጉንፋን የሚሆን ነገር ነው።

አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ግን ሐሙስ ጀምራው ቅዳሜ ቢሻላት መድኃኒቱ ያዳናት ይመስላታል፤ ጫፉ ረቡዕ ስላለፈ ባትወስደውም ቅዳሜ ይሻላት ነበር። የሚተርፋት ተቅማጥ፣ አንዳንዴም የቆዳ ሽፍታ፣ እንዲሁም መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ስለዚህ የሚታየው የንፍጡ ቀለም ሳይሆን ሕመሙ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሐኪም ባክቴሪያ ያመጣውን የሳይነስ ሕመም የሚጠረጥረው 10 ቀን ሞልቶ ምንም መሻሻል ከሌለ፣ ወይም ከተሻለ በኋላ እንደገና ትኩሳትና በአንድ በኩል ያለ የጉንጭ ወይም የላይኛው ጥርስ ሕመም ከመጣ ነው። 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመግላም ንፍጥና ከፊት ሕመም ጋር ለሦስትና ለአራት ቀን በተከታታይ ሲቆይም እንደዚሁ ነው። የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲተነፍሱ ደረት መውጋት ግን ቀን አይቆጠርለትም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ያስኬዳል።

ከአምስተኛው ቀን በኋላ

ዓርብና ቅዳሜ አፍንጫው እየተከፈተ ሲሄድ ሳሉ ጎልቶ ይወጣል። ቀን ላይ ቀላል ነው፤ ማታ ጋደም ሲሉ ንፍጡ ወደ ጉሮሮ ስለሚወርድ ይነሳል። የአየር መተላለፊያው ስሜት ገና ስለቆጣ ቀዝቃዛ አየር፣ የመኪና ጭስና ሳቅ ሳይቀር ያስሉታል። ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር የሌሊቱን ሳል ያበርዳል።

በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ፣ አቅሟ ተመልሷል፣ ሽታም ይሰማታል፤ የቀረው ጠዋት ጠዋት ትንሽ ንፍጥና አልፎ አልፎ ሳል ነው። ከአራት ሰው አንዱ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይበታል፤ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ደረቅ ሳል ብቻውን እስከ ሦስተኛው ሳምንት መቀጠሉ በራሱ የተለመደ ነው።

ሆኖም የሳንባ ነቀርሳ ባለበት ከተማ ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ መጠበቅ አይመከርም። በአገራችን አሠራር ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ሰውዬው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ይመረመራል፤ ማታ ማታ የሚያልብ፣ የሚከሳ ወይም ደም የሚተፋ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ አይጠበቅም። ለምርመራው የሚፈለገው ከአፍ የሚተፋ ምራቅ ሳይሆን ከደረት ተስሎ የሚወጣ አክታ ነው፤ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ መሳል ጥሩ ናሙና ይሰጣል።