የብራንድ ወጥነት ምንድን ነው? ብቻውን ለሚነግድ ሰው

የብራንድ ወጥነት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሎጎና ቀለም ነው። እሱም አለበት። ብቻውን በኦንላይን ለሚሸጥ ሰው ግን ቀለሙ ትንሹ ጉዳይ ነው። ቲክቶክ ላይ ያየሽ ደንበኛ ቴሌግራም ላይ ሲመጣ "ይቺ ያቺው ናት?" ብሎ ካልተጠራጠረ፣ የሰማው ዋጋና ቀንም ካልተለወጠበት፣ ወጥነት አለ ማለት ነው። ቲክቶክም ቴሌግራምም እያንዳንዱ የራሱ ቤት ነው፤ አነጋገሩ እንደየቤቱ ነው። እውነቱ ግን አንድ መሆን አለበት።

ደብተር በእጇ እየሰፋች የምትሸጥ ሴት እናስብ። ኢንስታግራም ላይ `debter.bet_handmade` ብላ ጀመረች። ኢንስታግራም ነጥብም ከታች ሰረዝም ስለሚቀበል ችግር አልነበረም። ቴሌግራም ስትከፍት ግን ነጥቡን እምቢ አላት። ኤክስም ነጥብ አይወድም፤ በዚያ ላይ ከ15 ፊደል በላይ አያስገባም፣ የእሷ ደግሞ 19 ነው። ፌስቡክ በበኩሉ ነጥቡን ተቀብሎ ሰረዙን አልፈልግም አለ። እንዲህ እያለች በአራት ቤት አራት ስም ይዛ ቀረች። ለአስመሳይ አካውንት ከዚህ የተመቸ ነገር የለም፤ ደንበኛው እውነተኛውን በምን ይለያል?

መፍትሔው በጠባቡ በር የሚያልፍ ስም ነው። ፊደልና ቁጥር ብቻ፣ ከ5 እስከ 15። `debterbet` ቢሆን ዘጠኝ ፊደል ነው፣ በሁሉም ያልፋል። ስሙ በሁሉም ቤት ክፍት መሆኑን ደግሞ አንድም አካውንት ሳይከፈት በፊት ማየት ነው።

ቀጥሎ አነጋገር አለ። ቲክቶክ ላይ "ዛሬ ይሄን ሰፋሁ" ትላለች፤ ሊንክድኢን ላይ "ድርጅታችን" ትላለች። ሁለቱንም ያየ ሰው ግራ ይገባዋል፣ ወይ ይስቃል። ብቻሽን ከሆንሽ "እኔ" ማለት ምንም ነውር የለውም። ሌላው የእኛ ቋንቋ ጣጣ ነው፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። ፖስት ላይ "እናንተ" ሁሉንም ያስታርቃል። ኢንቦክስ ላይ ግን መምረጥ ግድ ነው። እኔ ብሆን በየትኛውም ቤት በ"እርስዎ" እጀምርና ደንበኛው ራሱ ሲቀርበኝ እከተለዋለሁ።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ወረቀት የሚያቀርብላት ሰው ዘገየና ደብተሩን ለማድረስ 5 ቀን የነበረው 9 ቀን ሆነ እንበል። ወሬው አንድ ነው፣ አቀራረቡ ግን ይለያያል። ለቴሌግራም ተከታዮቿ ሁለት መስመር ጽፋ፣ ማዘዣ ሊንኩን አያይዛ ፒን ታደርጋለች። ያንኑ ገልብጣ ኢንስታግራም ላይ ብትለጥፈው ካፕሽን ውስጥ ያለ ሊንክ ቢነኩት አይከፈትም። "ሊንኩን ተጫኑ" ብሎ ባዶ ነገር ማሳየት ይሆናል፤ ስለዚህ ሰውን ወደ ባዮ ትመራለች። ቲክቶክ ላይ ባዶውን የወረቀት መደርደሪያ ታሳይና ምክንያቱን በድምፅ ትናገራለች።

እዚህ ጋ ነው የምትሳሳተው። ቲክቶክ ላይ በትልቁ "በ5 ቀን እናደርሳለን" ብላ የጻፈችበት የድሮ ቪዲዮ አለ። ቲክቶክ የሚያሳየው በቀን ቅደም ተከተል ብቻ አይደለም፤ ያረጀ ቪዲዮ ዛሬም አዲስ ሰው ፊት ሊመጣ ይችላል። ቪዲዮው ላይ የታተመ ጽሑፍ ደግሞ አንዴ ከተለጠፈ አይታረምም። የቴሌግራም ቻናል ጽሑፍ ይታረማል፣ የኢንስታግራም ካፕሽንም ይታረማል። የኢንስታግራም ፎቶ ግን በሌላ አይተካም። ስለዚህ የሚለወጥ ነገር፣ ማለትም ዋጋ፣ ቀን፣ ያለው ብዛት፣ ምስል ላይ አይታተምም። ሊታረም በሚችል ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ይቀመጣል። ምስል ላይ ቢወጣ ግድ የሌለው የዋጋ ቅናሽ ብቻ ነው፣ እሱም የማብቂያ ቀኑ አብሮት ከተጻፈ።

ለዚህ የሚያስፈልጋት አንድ ገጽ ናት። በግራ በኩል እውነቱን ትጽፋለች፦ ዋጋ፣ የማድረሻ ቀን፣ ዕቃ የሚመለስበት ሁኔታ። በቀኝ በኩል ያ እውነት የት የት እንደተጻፈ፦ የቴሌግራም ፒን፣ የኢንስታግራም ባዮ፣ የፌስቡክ ገጽ፣ አውቶማቲክ መልሱ። ሰው የሚረሳው ቀኙን ነው። አውቶማቲክ መልስ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቱ ራሱ አያየውም። እሷ 9 ቀን ብላ በየቤቱ አስተካክላ ስትጨርስ እሱ ሌሊቱን ሙሉ "5 ቀን" እያለ ሲመልስ ያድራል።

ክፍተቱ መኖሩ የሚታወቀው ከጥያቄው ነው። "ስንት ነው?" ተራ ጥያቄ ነው። "ያው ዋጋ ነው?" ወይም "እዚያ ግን 5 ቀን ይላል" የሚል ሲመጣ፣ ከመመለሷ በፊት "የት አዩት?" ብላ ስክሪንሾቱን ትለምናለች። ከዚያ ገጿን አውጥታ፣ በቀኝ በኩል ያልነበረውን ቦታ ትጨምራለች።