ቫይታሚን ቢ6 ነርቭን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሳ ላብራራው፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ቢ6 ሰውነታችን ውስጥ ፒኤልፒ ወደሚባል ንቁ ቅርጽ ይለወጣል። ነርቭን የሚያነቃቃውን ግሉታሜት ወደሚያረጋጋው ጋባ የሚቀይረው ኢንዛይም ያለ ፒኤልፒ አይሠራም። የነርቭ መልእክት አስተላላፊዎቹ ሴሮቶኒንና ዶፓሚንም የሚመረቱት በእሱ እርዳታ ነው። ኢንዛይሞቹ የሚበቃቸውን ፒኤልፒ ካገኙ በኋላ ግን ተጨማሪ ቢ6 መዋጥ ሥራቸውን አያፋጥንም።

ለአንድ ወጣት ጎልማሳ በቀን 1.3 ሚሊግራም ገደማ ይበቃዋል። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ከተቀላቀሉባቸው እንክብሎች አንዳንዶቹ እያንዳንዳቸው 200 ሚሊግራም ቢ6 አላቸው። በቀን ሦስቴ ከተዋጠ 600 ሚሊግራም ሆነ፤ ከሚያስፈልገው ከ400 እጥፍ በላይ!

እንዲህ ያለው መጠን ለወራት ሲቀጥል ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ያሉትን የስሜት ነርቭ ሴሎች ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ የእግር ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ የጡንቻ አቅም ሳይቀንስ፣ ጨለማ ውስጥ ሲራመዱ ሚዛን ይጠፋል። ጉዳቱ የተረጋገጠ ነው። እንዴት እንደሚጎዳ ግን ገና አከራካሪ ነው፤ አንዱ ግምት ፒሪዶክሲን የሚባለው፣ በእንክብሎቹ ውስጥ ያለው የቢ6 ቅርጽ፣ ወደ ፒኤልፒ ሳይለወጥ ሲቀር የፒኤልፒን ቦታ ይሻማል የሚል ነው።

የሚጎዳው መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአሜሪካ ጣሪያ በቀን 100 ሚሊግራም ሲሆን የአውሮፓው 12 ብቻ ነው። ለቲቢ አይሶናያዚድ የሚወስዱ ሰዎች ግን መድኃኒቱ ቢ6ን ስለሚያሳጣ ሐኪም ያዘዘላቸውን ቢ6 አያቋርጡ።