ጥሬ፣ ፓስቸራይዝድ እና ዩኤችቲ ወተት በጎንደር

ጎንደር ከተማ ውስጥ ወተት በሦስት መልክ ይገኛል። አንደኛው ማለዳ ታልቦ በጀሪካን የሚመጣው ጥሬ ወተት ነው። ሁለተኛው በላስቲክ የታሸገው ፓስቸራይዝድ ወተት ነው። ሦስተኛው ዩኤችቲ የሚባለው፣ ከፍሪጅ ውጭ ወራት የሚቆየው የካርቶን ወተት ነው። የሦስቱ ልዩነት የሚመጣው ወተቱ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሞቀ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሞቀ እና ከዚያ በኋላ ምን እንደነካው ነው።

ፓስቸራይዝድ የሚባለው በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ፣ ወይም በቀድሞው ዘዴ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀ ወተት ነው። ይህ ሙቀት በሽታ አምጪዎቹን ይገድላል፤ ሙቀት የሚችሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ይተርፋሉ። ስለዚህ 4 ዲግሪ አካባቢ ካልተቀመጠ ይበላሻል። በቅዝቃዜ ሳይቋረጥ ከተያዘ አንድ ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ዩኤችቲ ደግሞ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ይሞቅና ከጀርም በጸዳ ካርቶን ይታሸጋል። ይህ አስተሻሸግ በካርቶን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው።

ጎንደር ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ የሚመጣ የላስቲክ ወተት ይህን መንገድ የሚጓዘው ሳይሞቅ መድረስ ከቻለ ብቻ ነው። መብራት ለግማሽ ቀን ሲጠፋ የሱቅ ፍሪጅ ይሞቃል፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ግን አይቀየርም። የካርቶኑ ወተት ይህ ችግር የለበትም። ገዢ ማየት ያለበት ካርቶኑ ያበጠ ወይም የሚያፈስ መሆኑን ነው። ካበጠ ውስጡ የገባ ጀርም ጋዝ እየፈጠረ ነውና አይገዛም።

በአካባቢያችን ብዙ ታሪክ ያለው ግን ጥሬው ወተት ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ የፎገራ ላም አገር ነው። ከአገር በቀል ዝርያዎች መካከል በወተቷ የታወቀች፣ ረግረጉን የለመደች ላም ናት። የአገራችን ላሞች ወተት ቅባቱ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ የፈረንጅ ላም ወተት ወደ 3.5 በመቶ ነው። ስለዚህ የፎገራ ወተት ወፍራምና ጣፋጭ ነው የሚባለው ባዶ ኩራት አይደለም። ዛሬ በከተማው ውስጥና በዙሪያው የሚታለበው በአብዛኛው ከድቅል ላም ነው። መጠኑ ይበዛል፣ ቅባቱ ይሳሳል።

አዘዞ በኩል ከጠዋቱ 12 ሰዓት የታለበን አንድ ሊትር ወተት እንከተል። ከላሟ ሲወጣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትኩስ ወተት ባክቴሪያን ለጥቂት ሰዓት የሚገታ የራሱ መከላከያ አለው። ከዚያ በኋላ ግን ጀርሞቹ በፍጥነት ይራባሉ፤ ፍሪጅ ካልገባ እስከ ማታ ይኮመጥጣል። ጀሪካኑ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ በደንብ አይታጠብም። የብዙ ላሞች ወተት አንድ ላይ ሲቀላቀል ደግሞ የአንዷ በሽታ ለሁሉም ይተርፋል።

በጥሬ ወተት ከሚተላለፉት ዋናዎቹ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ናቸው። ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይም አሉ። በብሩሴሎሲስ የተያዘ ሰው መጥቶ የሚሄድ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ይኖረዋል። በወባና በታይፎይድ በቀላሉ ይምታታል። ወተት ጥሬውን የሚጠጣ ሰው እንዲህ ያለ ትኩሳት ከያዘው ይህንኑ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል። ላሟ ጤነኛ መስላ መታየቷ ዋስትና አይሆንም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው ማፍላቱን ያዳክመው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አለ። አያዳክምም። ፓስቸራይዝ ለማድረግ የሚያስፈልገው 72 ዲግሪ ስለሆነ ብዙ ትርፍ አለ። ችግሩ አረፋው ነው። ወተት ውስጡ ገና በደንብ ሳይፈላ ገንፍሎ ይነሳል፤ ያን አይቶ ማውረድ ግማሽ ሥራ ነው። ሲነሳ እሳቱ ይቀነስና እየተማሰለ አንድ ሁለት ደቂቃ ይንተክተክ። ሲፈላ ከተቆራረጠ አስቀድሞ መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ነው ማለት ነው።

ከወረደ በኋላ ድስቱን ክዳኑን ከድኖ በቀዝቃዛ ውሃ ሳፋ ውስጥ ማቆም ይሻላል። ለብ ብሎ ሰዓታት ከቆየ ከፍላቱ የተረፉት የባክቴሪያ ዘሮች ይነሳሉ። ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ የገባ የፈላ ወተት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ጥሬው በነበረበት ጀሪካን መልሶ መቅዳት ግን ማፍላቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ማፍላት የማይመልሰው ነገርም አለ። ግቷ የታመመች ላም ወተት ሞቅ ባለ ቦታ ከቆየ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ መርዝ ሊያመርት ይችላል። ፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ መርዙን አያጠፋም። ከጠጡት በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ኃይለኛ ትውከት አንዱ ምልክቱ ነው። ስለዚህ ወተቱ ሳይቆይ በጊዜ መፍላት አለበት።

በጣዕም ጥሬውና ፓስቸራይዝዱ ይቀራረባሉ። ዩኤችቲው የተቀቀለ ጠረንና ትንሽ ጣፋጭነት አለው። ምክንያቱም ከፍተኛው ሙቀት የወተቱን ፕሮቲን ሲለውጠው የድኝ ጠረን ያላቸው ውህዶች ይወጣሉ፤ የወተቱም ስኳር ከፕሮቲን ጋር ይዋሃዳል። ለቡና ወይም ለማኪያቶ ግን ብዙ ሰው ልዩነቱን አይለየውም። ካልሲየሙ በሙቀት አይጠፋም። ጥቂት ቫይታሚኖች ይቀንሳሉ፤ ወተት ሲሞቅ ብዙ ጥቅም ያጣል የሚለው አባባል ግን የተጋነነ ነው።

ትልቁ ልዩነት እርጎ ላይ ይታያል። በወይራ ጢስ በታጠነ ቅል የተቀመጠ ጥሬ ወተት በራሱ ረግቶ ይኮመጥጣል። የላስቲኩና የካርቶኑ እንዲህ አያደርጉም፤ እርጎ የሚሠራው ባክቴሪያ በሙቀቱ ሞቷል። ሲበላሹ ይመርራሉ ወይም ይሸታሉ፤ ስለዚህ የተከፈተ ካርቶን አልኮመጠጠም ተብሎ ውጭ አይተውም። ፍሪጅ ገብቶ በሦስት አራት ቀን ማለቅ አለበት። ከፈላ ወተት እርጎ የሚፈልግ ለብ ሲል ጥሩ እርጎ እንደ እርሾ ጠብ ያድርግበት። የወይራው ጢስ ጀርም ይቀንሳል የሚባለው እውነትነት ያለው ይመስላል። ሆኖም የጥሬ ወተት እርጎ ውስጥ ብሩሴላ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል መኮምጠጡን እንደ ማፍላት መቁጠር አይቻልም።

ሦስቱም ላይ እኩል የሚሠራ አንድ አደጋ አለ። ላሞች የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ነክቶት ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያፈራ ይችላል። መርዙ ከላሟ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ፍላትም፣ ፓስቸራይዝ ማድረግም፣ ዩኤችቲም አያስወግደውም። የሚከላከለው አርቢው ነው፦ ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጣል፣ የሻገተውንም ለላም አይሰጥም።