የንፋስ ማስጠንቀቂያ ምንድን ነው? ንፋስ ሲጎድል የሞላ ፍሬን ለምን ራሱ ይይዛል?

ከባድ መኪና ወይም ትልቅ አውቶቡስ እየተነዳ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራና የማያቋርጥ ጩኸት ሲሰማ፣ በፍሬን ታንኮቹ ውስጥ ያለው የታመቀ አየር ከሚፈለገው በታች እየወረደ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ዘይት ወይም እንደ ነዳጅ መብራት ያየዋል፤ እስከሚቀጥለው ጋራዥ የሚታገሡት ይመስለዋል። የንፋስ ማስጠንቀቂያ ግን እንደዚያ አይደለም። ከጮኸ በኋላ የቀረው ጊዜ መኪናውን በራስ ፍላጎት፣ በመረጡት ቦታ ለማቆም ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ መኪናው ራሱ ይይዛል፤ የት እንደሚይዝ ደግሞ አሽከርካሪው አይመርጥም።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው የኋላ ጎማ ላይ ያለውን ድርብ ቻምበር ስናይ ነው። ድስት የሚመስለው ይህ ዕቃ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ጎማ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ከታንኩ የመጣ ንፋስ ዲያፍራሙን ይገፋል፣ ዲያፍራሙ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉም ስላክ አጀስተር በሚባለው ክፍተት አስተካካይ ክንድ በኩል ካሙን አዙሮ የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ላይ ያጣብቃል። ይህ የእግር ፍሬን ነው፤ ንፋስ ሲገባበት ይይዛል። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ግን ወፍራም ሞላ ነው። ሞላው ሁልጊዜ ያንኑ ዘንግ ለመግፋት ይታገላል። ከመግፋት የሚያግደው በተቃራኒው በኩል የሚገባው ንፋስ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ክፍል ንፋስ ሲገባ ፍሬን ይለቃል፣ ሲወጣ ይይዛል። ቢጫዋን የማቆሚያ ቁልፍ ወደ ራስ ስንስብ የሚሰማው "ፍሽሽ" ሞላውን ጨቁኖ የያዘው ንፋስ ሲወጣ ነው።

እንዲህ የተሠራበት ምክንያት አለው። ንፋስ ሁልጊዜ ይሾልካል። የትኛውም መኪና አድሮ ሲነሣ ማታ የነበረውን ያህል ንፋስ አይኖረውም። የማቆሚያ ፍሬን ንፋስ በመያዝ ላይ ቢመሠረት ኖሮ፣ ቁልቁለት ላይ የቆመ ጭነት ሌሊት ታንኩ ሲጎድል ይንከባለል ነበር። ሞላ ግን አይሾልክም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ምሳሌ የማደርገው የአሜሪካን መኪኖች ነው፤ እዚያ የሚሠሩ ብዙ ሐበሻ ሾፌሮች ሲዲኤል ለሚባለው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚፈተኑት በእነሱ ነውና። በብዛት የሚገኘው ቻምበር "ዓይነት 30" ይባላል፤ ቁጥሩ የዲያፍራሙ ስፋት 30 ስኩዌር ኢንች መሆኑን ያሳያል። ፒኤስአይ ደግሞ ንፋሱ በእያንዳንዱ ስኩዌር ኢንች ላይ ስንት ፓውንድ እንደሚገፋ የሚለካ ነው። በሞላው ክፍል ያለው ንፋስ 120 ፒኤስአይ ሲሆን ሞላውን የሚያግደው ኃይል 3,600 ፓውንድ ነው፤ በኪሎ ከ1,600 በላይ። 60 ፒኤስአይ ላይ ይህ ኃይል በግማሽ ወርዶ 1,800 ፓውንድ፣ ወደ 816 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ አካባቢ ጀምሮ ሞላው ንፋሱን እያሸነፈ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ወዲያው ግን አይነክስም። መጀመሪያ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይጨርሳል፤ ከዚያ ንፋሱ በወረደ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። በመጨረሻ ከ20 እስከ 45 ፒኤስአይ ባለው መካከል የዳሽቦርዱ ቁልፍ ራሱ ብቅ ይላል፤ የቀረውን ንፋስ በሙሉ ያስወጣና ሞላው ባለው ኃይል ይይዛል።

ማስጠንቀቂያው 60 ፒኤስአይ አካባቢ ላይ የተደረገው ለዚህ ነው። አንዳንድ አዳዲስ የፈተና መጽሐፎች 55 ስለሚሉ እያንዳንዱ ሰው የስቴቱን መጽሐፍ ቢያይ ጥሩ ነው። በትልልቅ አውቶቡሶች ላይ ቀደም ብሎ፣ ከ80 እስከ 85 ፒኤስአይ ላይ መጮኹ የተለመደ ነው።

ከሙሉ ታንክ እስከ ማስጠንቀቂያው ምን ያህል ርቀት አለ? በአሜሪካ ደንብ የታንኮቹ ጠቅላላ መጠን የእግር ፍሬን ቻምበሮች ሁሉ ተደምረው ከሚይዙት ቢያንስ 12 እጥፍ መሆን አለበት። እንግዲህ ታንኮቹን ንፋስ የሚሞላው ኮምፕሬሰር ሥራ አቁሟል እንበል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው በተረገጠ ቁጥር በ12ቱ ውስጥ የነበረው ንፋስ ወደ 13 ይሰራጫል፤ ሲለቀቅ የቻምበሩ ድርሻ ወደ ውጭ ይወጣል። 120 የነበረው ወደ 111 ይወርዳል፣ ከዚያ 102፣ ከዚያ 94። በዚሁ ስሌት ስምንተኛው ላይ 63፣ ዘጠነኛው ላይ 58 ይሆናል። ዘጠኝ ሙሉ ርግጫ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እየረገጡ መልቀቅ ንፋስ የሚጨርሰው በዚህ መንገድ ነው። በደህና ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ስለሚተካው አይታወቅም፤ ቀበቶው ወይም ጥርሱ ካስቸገረ፣ ኮምፕሬሰሩን መቼ እንዲሞላ የሚያዘው ጋቨርነር ከተጣበቀ ወይም ቱቦ ከፈነዳ ግን የንፋስ መለኪያዋ መርፌ እያየናት ትወርዳለች።

"ታዲያ ሞላው ካለ ምን ያሳስባል፣ እሱ ያቆመኝ የለም?" የሚል ሰው አይጠፋም። አደገኛው ሐሳብ ይህ ነው። የሞላ ፍሬን የተሠራው የቆመን መኪና ለመያዝ ነው። በእግር እንደሚደረገው ቀስ ብሎ ማብዛትና ማሳነስ አይቻልም። በሳቢው ላይ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ የሚነዱትን የኋላ ጎማዎች ነው። ባዶ መኪና በእርጥብ ወይም በበረዶ መንገድ ላይ ድንገት ከያዘ ጎማዎቹ ተቆልፈው ይንሸራተታሉ፤ ተሳቢ ካለ ሳቢውና ተሳቢው ሊታጠፉ ይችላሉ። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። በፍሬን ብዛት የጋለ ታምቡር ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል። ሞላ ደግሞ በተዘረጋ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። አጀስተሩ ካልተስተካከለ ዘንጉ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ ሞላው ታምቡሩ ጋ ሲደርስ ደክሟል። ስለዚህ ቀይዋ ስትበራ ማርሽ ማክበድ፣ በሞተር ፍሬን ፍጥነቱን መቀነስ፣ ፔዳሉን አንዴ አጥብቆ መርገጥና ዳር ይዞ መቆም ነው የሚያዋጣው። ቆሞ ሞላው ከያዘ በኋላ ፔዳሉን መርገጥ አይገባም፤ የሞላውና የንፋሱ ኃይል በአንድ ዘንግ ላይ ተደራርበው ዕቃ ይሰብራሉ።

አንድ የሚያታልል ነገርም አለ። የአሁን መኪኖች ሁለት የተለያዩ የንፋስ መስመሮች፣ ሁለትም መርፌ አሏቸው፤ በግምት አንዱ ለኋላ፣ ሌላው ለፊት ፍሬን ነው። የማቆሚያው ቁልፍ ንፋስ የሚወስደው ከሁለቱ ከበለጠው ነው። በመሆኑም አንዱ መስመር ባዶ ቢሆን መብራቱ ይበራል፣ ጩኸቱ ይሰማል፣ መኪናው ግን አይዝም። ሾፌሩ "መብራቱ ነው የተበላሸው" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እውነታው ከፍሬኑ ግማሽ ያህሉ የለም፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በጣም ረዝሟል። አንዷ መርፌ ብቻ ብትወርድም መቆም ግድ ነው።

ይህ ሁሉ መሥራቱ የሚረጋገጠው ከመንገድ በፊት ነው። ቦታው ለጥ ያለ ይሁን፤ ጎማው ላይ ታኮ ይደረግ። ኮምፕሬሰሩ መሙላት እስኪያቆም ይጠበቅና ሞተሩ ይጠፋል፤ የማስነሻ ቁልፉ ግን በርቶ ይቆያል። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ ማስጠንቀቂያው ከየትም አይጮህም። የማቆሚያ ቁልፎቹ ተገፍተው ፍሬን ከተለቀቀ በኋላ ፔዳሉ ተረግጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዛል። የመጀመሪያው መውረድ ሳይቆጠር፣ ለብቻው መኪና በደቂቃ ከ3 ፒኤስአይ፣ ተሳቢ ላለው ከ4 በላይ መጉደል የለበትም። ከዚያ ፔዳሉን ደጋግሞ እየረገጡ ንፋሱን ማውረድ ነው። መብራቱና ጩኸቱ መርፌዋ ከ60 በታች ከመውረዷ በፊት መምጣት አለባቸው። ርግጫው ሲቀጥል ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ቢጫዋ ቁልፍ፣ ተሳቢ ካለም ቀይዋ፣ ብቅ ማለት አለባቸው። ማስጠንቀቂያው ካልመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የግፊት ስዊቹ፣ ሽቦውና አምፖሉ ናቸው። ቁልፏ 20 አልፋም ካልወጣች ቫልቩ ይቀየራል፤ በእጅ እየሳቡ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ደግሞ ከ85 ወደ 100 ፒኤስአይ በ45 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠሩት የአውሮፓና የቻይና መኪኖች በመሠረቱ ያው ቢሆኑም አያያዛቸው ይለያል። ብቅ በምትል ቁልፍ ፈንታ የእጅ ማንሻ አላቸው፤ ማንሻው ንፋስ ሲያልቅ ራሱ አይንቀሳቀስም። የማቆሚያው መስመርም ብዙ ጊዜ በመከላከያ ቫልቭ ለብቻው ስለሚጠበቅ፣ የእግር ፍሬኑ ንፋስ አልቆ ሞላው ሳይይዝ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ባለው መኪና "ካለቀ ራሱ ይይዛል" ብሎ መተማመን የባሰ ስህተት ነው። መርፌዎቹ በባር ስለሚያነቡ 60 ፒኤስአይ ወደ 4.1 ባር መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ቀዩ ክልል የት እንደሚጀምር ግን የመኪናው መመሪያ ነው የሚናገረው። ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር ያነሰ ስለሆነ ታንክ ለመሙላት ይዘገያል። ጠዋት ጩኸቱ ሳይቆም መነሣት የማያስፈልገው በተለይ በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላው ይዞ ንፋስ መሙላት ካልተቻለና መኪናው መጎተት ካለበት፣ ቻምበሩ ጎን የተቀመጠ ረጅም ብሎን አለ። ከኋላ ባለው ቀዳዳ ገብቶ ሞላውን ጨቁኖ ይይዘዋል። ብሎኑ ከመነካቱ በፊት ጎማዎቹ ሁሉ ታኮ ይደረግላቸዋል፤ ሞላው ከተጨቆነ በኋላ መኪናውን የሚይዝ ሌላ ነገር የለምና። የቻምበሩን የሞላ ክፍል ክላምፕ ፈትቶ መክፈት ግን ለማንም አይፈቀድም፤ ሞላው ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። ጥገናው ሲያልቅ ብሎኑ ወጥቶ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ መኪናው እንደ ደህና ይነዳል፣ መርፌዎቹም ሙሉ ያነባሉ፤ ያ ጎማ ግን የማቆሚያ ፍሬን የለውም።