ሌበር ፐርሰንት ምንድን ነው? ሺፍትስ ከምን ተነስቶ ይወጣል?

የሬስቶራንት ባለቤቶች ሲገናኙ «ሌበርህ ስንት ፐርሰንት ነው?» መባባላቸው አይቀርም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሳምንት ለሠራተኛ የወጣውን ገንዘብ ለሳምንቱ ሽያጭ ያካፍሉታል። 10,000 ዶላር ሸጠው 3,000 ለሠራተኛ ከከፈሉ ሌበርዎ 30 ፐርሰንት ነው። አስተናጋጅ ባለው ቤት ብዙዎች ከ30 ብዙም እንዳይርቅ ይታገላሉ።

ችግሩ ይህ ቁጥር የሚታወቀው ሳምንቱ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ ገንዘቡ ወጥቷል። ሺፍት ግን የሚወጣው ቀድሞ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል። መጀመሪያ ስንት ሰው እንደሚመጣ ይገመታል፤ ከዚያ ስንት የሥራ ሰዓት መግዛት እንደሚቻል ይታወቃል።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያለች አንዲት መካከለኛ የሐበሻ ምግብ ቤት እናስብ። ሰኞ ዝግ ናት። ማክሰኞ 40፣ ረቡዕ 60፣ ሐሙስ 55፣ ዓርብ 120፣ ቅዳሜ 150፣ እሑድ 110 ተመጋቢ ትጠብቃለች። በአጠቃላይ 535 ሰው ነው። አንድ ሰው በአማካይ 28 ዶላር ቢያወጣ የሳምንቱ ሽያጭ 14,980 ዶላር ይሆናል። የዚህ 30 ፐርሰንት 4,494 ነው። ከቲፕ ውጪ የሰዓት ክፍያው በአማካይ 15 ዶላር ነው እንበል። አሠሪው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 7.65 ፐርሰንት አለ፤ ኢንሹራንስና ሌላው ሲደመር አንድ ሰዓት 16.50 ገደማ ያስወጣል። 4,494ን ለ16.50 ስናካፍል 272 ሰዓት እናገኛለን። ለሳምንቱ ያለን በጀት ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 272ቱን ሰዓት በተመጋቢ ቁጥር ልክ ለቀናቱ ያከፋፍለዋል። በዚህ ስሌት ለማክሰኞ 20 ሰዓት ብቻ ይደርሳታል። በ20 ሰዓት ግን ቤት አይከፈትም። አንድ ወጥ ሠሪ፣ አንድ ዕቃ አጣቢ፣ አንድ አስተናጋጅ፤ ከዝግጅት እስከ መዝጊያ ሲደመር 29 ሰዓት ነው። ከዚያ በታች መውረድ የለም። 40 ሰው መጣም 15፣ በሩ እስከተከፈተ ድረስ 29 ሰዓት ይከፈላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ለስድስቱም ቀን 29 ሰዓት ይቀመጣል፤ 174 ሰዓት ሄደ። የቀረው 98 ነው። ሺፍት የማውጣት ጥበብ ያለው እነዚህ 98 ሰዓቶች የት ይግቡ የሚለው ላይ ነው።

ዓርብን እንውሰድ። ሰው የሚበዛው ከምሽቱ 6፡30 እስከ 9፡30 ነው (በአሜሪካ ሰዓት፤ በነገራችን ላይ ሺፍቱ ላይ የማን ሰዓት እንደሆነ ካልተጻፈ አንድ ቀን በሁለት ሰዓት የሚጠበቅ ሰው በስምንት ይመጣል)። ሁለት ተጨማሪ አስተናጋጆች ለአምስት አምስት ሰዓት፣ አንድ ጥብስ ሠሪ ለስድስት፣ አንድ ዕቃ አጣቢ ለአምስት፣ መጠጥ ላይ የሚቆም አንድ ሰው ለአራት። ድምሩ 25 ሰዓት ነው። ሁሉም ግን አንድ ላይ አይገቡም። ጥብስ ሠሪው 4፡30 ይገባል፣ አስተናጋጆቹ 5፡30፣ አጣቢው 6፡30፤ ሰው ሳይበላ የሚታጠብ ሰሐን የለምና። ለቅዳሜ 40፣ ለእሑድ 25 ሰዓት ቢጨመር 90 ሆነ። የቀረችው 8 ሰዓት ሳትመደብ ትቀመጥ። አንድ ሰው ሲቀር ወይም ያልታሰበ ቡድን ሲመጣ ትፈለጋለች።

አሁን በየቀኑ ፐርሰንቱን ብናየው ማክሰኞ 43፣ ዓርብ 27 ገደማ ይወጣል። ባለቤቱ ማክሰኞን አይቶ ይደነግጣል። መደንገጥ የለበትም፤ በተለይ በሐበሻ ቤት። የእኛ ኩሽና ሥራ ግማሹ ከተመጋቢው ሰዓት ጋር አይያያዝም። ጥብስ ትዕዛዝ ሲመጣ ይሠራል። ወጥ ግን ሽንኩርቱ ከመከተፉ ጀምሮ ቁሌቱ እስኪበስል ሰዓታት ይወስዳል፤ ቀድሞ ይሠራል። እንጀራውም ቤት ውስጥ የሚጋገር ከሆነ እንደዚያው። ማክሰኞ ከሰዓት ወጥ ሠሪዋ የምታቁላላው ሽንኩርት ዓርብ የሚበላ ነው። የማክሰኞ 43 ውስጥ የዓርብ ሥራ አለበት። ስለዚህ ፐርሰንት በሳምንት ይለካ። በየቀኑ መታየት ያለበት አስተናጋጅና ጥብስ ሠሪ ከሰው ቁጥር ጋር መመጣጠናቸው ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግምቱ ላይ ነው። የሚገመተው በሬስቶራንት ቋንቋ ከቨር የሚባለው፣ ተቀምጦ የበላ ሰው ነው፤ ጠረጴዛም ትዕዛዝም አይደለም። በእኛ ቤት አራት ሰው አንድ ትሪ ላይ ይበላል። አስተናጋጁም ሲጣደፍ «ስንት እንግዳ?» የሚለውን 1 ብሎ ያልፈዋል። በሲስተሙ አንድ ሰው 100 ዶላር በላ ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ የአንድ ሰው አማካይ ወጪ ከሜኑው ጋር የማይሄድ ሆኖ ካዩት ምክንያቱ ይኼው ነው። ያ እስኪስተካከል ግምቱ አይታመንም።

ሌላው የጾሙ ነገር ነው። ለተራ ሳምንት ያለፉትን አራት ዓርቦች አይቶ መሃሉን መያዝ ይበቃል። ሁዳዴ ሲገባ ግን የክትፎና የጥብስ ቤት ይቀዘቅዛል፣ በያይነቱ ይጠነክራል፤ ሰውም ሥራም ይቀየራል። የአምና ተመሳሳይ ቀን ማየት ደግሞ ያሳስታል። ፋሲካ በ2024 ሜይ 5 ነበር፣ በ2025 ኤፕሪል 20። ኤፕሪል 25 በመጀመሪያው ዓመት ጾም ውስጥ ሲሆን በሁለተኛው ፋሲካ አልፎ ነበር። ስለዚህ «ፋሲካ ስንት ሳምንት ቀረው?» ብሎ ማወዳደር ይሻላል።

ፐርሰንቱን በሰው ቅነሳ ማሳመር ቀላል ነው፤ ጉዳቱ ግን ወዲያው አይታይም። ዓርብ ማታ አንድ አስተናጋጅ ቢቀነስ ሰው ወዲያው መምጣቱን አያቆምም። መጀመሪያ የሚወርደው የአንድ ሰው ወጪ ነው። ሁለተኛ ቢራ የሚጠይቀው የለም፣ ቡና ሳይቀርብ ሒሳብ ይመጣል። 120ው ሰው መጥቶ አማካዩ ከ28 ወደ 25 ከወረደ 360 ዶላር ቀረ። የተቀነሰው አስተናጋጅ አምስት ሰዓት ደግሞ 82.50 ነበር።

በተቃራኒው፣ የሚተማመኑበትን አንድ ሰው ደጋግሞ መጥራትም ዋጋ አለው። በፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል ይሆናል። 52 ሰዓት የሠራ ሰው የመጨረሻዎቹ 12 ሰዓቶች እንደ 18 ይከፈላሉ። ሺፍት ሲወጣ የየሰው ድምር ከጎን ካልተጻፈ ይህ ቅዳሜ ማታ ላይ ነው የሚታወቀው።

እና የባለቤቱ ቤተሰብ። ሚስት ካሽ ላይ፣ ወንድም ኩሽና፣ ሁለቱም ያለ ደመወዝ ሠርተው «ሌበሬ 22 ነው» የሚል ሰው አለ። ሚስቱ ልጅ ስትወልድ ወይም ወንድሙ የራሱን ሲከፍት በቦታቸው ሰው ይቀጠራል፤ ፐርሰንቱም በአንድ ሳምንት ይዘላል። የእነሱን ሰዓት በ15 ዶላር ሒሳብ ውስጥ ያስገባ ሰው እውነተኛ ሌበሩን ከመጀመሪያውም ያውቀዋል። የምግብ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይተምናል።