የፈንዶች ደረጃ በስጋት ሲመዘን፦ ሻርፕ ሬሾ፣ ትሬይነር ሬሾ እና አልፋ

ሻርፕ ሬሾ፣ ትሬይነር ሬሾ እና የጄንሰን አልፋ የኢንቨስትመንት ፈንዶችን ትርፍ ከተሸከሙት ስጋት ጋር አገናዝቦ ደረጃ ለማውጣት የሚያገለግሉ ሦስት መለኪያዎች ናቸው። ሦስቱም ከአንድ ቁጥር ይነሳሉ፤ ይኸውም የፈንዱ ትርፍ ከስጋት ነጻ ከሆነ ወለድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ፣ የበለጠበት መጠን ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይህ መጠን «ብልጫ» ይባላል።

ሻርፕ ሬሾ ብልጫውን ለጠቅላላው ስጋት፣ ማለትም ትርፉ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ለሚያሳየው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ያካፍለዋል። ትሬይነር ሬሾ የሚያካፍለው ለቤታ ነው። ቤታ ገበያው 1 በመቶ ሲንቀሳቀስ ፈንዱ በአማካይ ስንት በመቶ አብሮት እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል፤ ስለዚህ የሚይዘው ከገበያው የሚመጣውን ስጋት ብቻ ነው። አልፋ ግን የማካፈል ሳይሆን የመቀነስ ውጤት ነው፤ የገበያው ብልጫ በፈንዱ ቤታ ተባዝቶ ከፈንዱ ብልጫ ላይ ሲነሳ የሚቀረው አልፋ ይባላል።

አመጣጥ

ሦስቱም መለኪያዎች የታተሙት እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1968 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ቀዳሚው ጃክ ትሬይነር ነው። በ1965 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጣው ጽሑፍ የፈንዱን ትርፍ ከገበያው ትርፍ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጦ በነጥቦቹ መካከል ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። የመስመሩ ተዳፋትነት ዛሬ ቤታ የምንለው ነው። ሐሳቡ ቀላልና ጥልቅ ነበር፤ አስተዳዳሪው የሚመሰገነው መስመሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ እንጂ ገበያው ራሱ ከፍ ስላለ አይደለም።

ዊልያም ሻርፕ በ1966 ከ1954 እስከ 1963 ያለውን ጊዜ ወስዶ 34 ፈንዶችን በጠቅላላ ስጋታቸው መዘነ። ወጪያቸው ከተቀነሰ በኋላ ከዳው ጆንስ ጠቋሚ የተሻለ ሬሾ ያስመዘገቡት 11 ብቻ ነበሩ። ማይክል ጄንሰን በ1968 ባወጣው ጥናት ደግሞ ከ1945 እስከ 1964 የነበሩ 115 ፈንዶችን አየ። አማካዩ አልፋ ከወጪ በኋላ በዓመት ከዜሮ በታች 1.1 በመቶ ገደማ ሆነ። ሻርፕ በ1990 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሃሪ ማርኮዊትዝና ከመርተን ሚለር ጋር ተጋርቷል። ትሬይነር ግን ሽልማቱን አላገኘም፤ ለዘርፉ ካበረከተው አንጻር ሲታይ ሊያገኘው ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ማሻሻያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሻርፕ ሬሾን ወደ በመቶ የሚቀይረው የ1997ቱ የሞዲግሊያኒዎች ስሌት ነው።

ሦስት መለኪያ፣ ሦስት አሸናፊ

ከስጋት ነጻ የሆነው ወለድ 4 በመቶ፣ የገበያው ትርፍ 10 በመቶ፣ የገበያው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 15 በመቶ ነው እንበል። የገበያው ብልጫ 6 ይሆናል፤ ሻርፕ ሬሾው 0.40፣ ትሬይነር ሬሾው 6 ነው።

| ፈንድ | ትርፍ % | ስታንዳርድ ዲቪዬሽን % | ቤታ | ሻርፕ | ትሬይነር | አልፋ % |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሀ | 11.5 | 15 | 0.95 | 0.50 | 7.9 | 1.8 |
| ለ | 11 | 22 | 0.70 | 0.32 | 10.0 | 2.8 |
| ሐ | 16 | 25 | 1.50 | 0.48 | 8.0 | 3.0 |

በሻርፕ አንደኛው ሀ ነው፤ በትሬይነር ለ፣ በአልፋ ደግሞ ሐ። የስሌት ስህተት የለበትም። የፈንድ ለ ባሕርይ ልዩነቱን ይገልጠዋል። ከ22 በመቶው መዋዠቅ ገበያው የሚያመጣው 0.70 × 15፣ ማለትም 10.5 ብቻ ነው። ቀሪው ከራሱ ምርጫ የመጣ ነው፤ ምናልባት በጥቂት አክሲዮኖች ወይም በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ ስላተኮረ ይሆናል። ትሬይነር ይህን ቀሪ ስጋት አይቆጥረውም፣ ሻርፕ ግን ይቆጥረዋል።

ስለዚህ የትኛው ደረጃ ይታመናል የሚለው የሚወሰነው በባለገንዘቡ ሁኔታ ነው። ገንዘቡን በሙሉ በአንድ ፈንድ ለሚያስቀምጥ ሰው ጠቅላላው ስጋት የእሱው ስለሆነ የሚመለከተው ሻርፕ ነው፤ ፈንድ ለ ደግሞ ከራሱ ከገበያውም ያነሰ ሆኖ ይታየዋል። ፈንዱ በሰፊ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ትንሽ ድርሻ ብቻ ከሆነ የፈንዱ የግል መዋዠቅ በሌሎቹ ውስጥ ስለሚዋጥ ትሬይነር ይሻላል።

አልፋን ለደረጃ መጠቀም ግን አሳሳች ነው። የሀ አስተዳዳሪ በ4 በመቶ ወለድ ተበድሮ ኢንቨስትመንቱን ቢያጥፍ ብልጫው 15፣ ቤታው 1.90፣ አልፋው 3.6 ይሆናል፤ ሐን ይበልጣል። ሻርፕና ትሬይነር ሬሾዎቹ ግን ፈቀቅ አይሉም። ምንም አዲስ ችሎታ ሳይጨመር አልፋው በእጥፍ አደገ። አልፋ ለቤታ ተካፍሎ የገበያው ብልጫ ሲደመርበት የሚገኘው ትሬይነር ሬሾ ራሱ ስለሆነ፣ በተለያየ ቤታ የሚሠሩ ፈንዶችን ለማነጻጸር ማካፈሉ ይቀድማል።

አሠራሩ

የተለመደው መረጃ የ60 ወር ወርሃዊ ትርፍ ነው። ከእያንዳንዱ ወር ትርፍ ላይ የዚያው ወር የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ይነሳል። የፈንዱ ብልጫ በB ዓምድ፣ የገበያው በC ዓምድ ከተቀመጠ፦

```
=AVERAGE(B2:B61)/STDEV.S(B2:B61)*SQRT(12)
=AVERAGE(B2:B61)*12/SLOPE(B2:B61,C2:C61)
=INTERCEPT(B2:B61,C2:C61)*12
=RSQ(B2:B61,C2:C61)
```

የመጀመሪያው ዓመታዊ ሻርፕ፣ ሁለተኛው ትሬይነር፣ ሦስተኛው አልፋ ነው። ሻርፕ በ12 ሳይሆን በ12 ካሬ ሥር (3.46) ይባዛል፤ በ12 የሚያባዙ ሪፖርቶች አሉ፣ ሬሾውን ከሦስት እጥፍ በላይ ያጋንኑታል። አራተኛው መስመር ገበያውን ወክሎ በC ዓምድ የገባው ጠቋሚ ለፈንዱ የሚገባ መሆኑን ይመረምራል። በፈንድ ለ ላይ 0.23 ገደማ ይወጣል፤ ጠቋሚው የፈንዱን መዋዠቅ ሩቡን ያህል እንኳ አያብራራም ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ቤታው ይዋዥቃል፣ በእሱ ላይ የቆሙት ትሬይነርና አልፋም አብረውት ይዋዥቃሉ።

የፈንድ ለ አልፋ 2.8 መሆኑም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከገበያው ውጭ ያለው መዋዠቁ 19.3 በመቶ ነው። በ5 ዓመት መረጃ የአልፋው ስታንዳርድ ስህተት 19.3 ለ5 ካሬ ሥር ተካፍሎ 8.6 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከአልፋው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። 2.8 ከአጋጣሚ ተለይቶ ይታይ ዘንድ፣ ማለትም የስታንዳርድ ስህተቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይሆን ዘንድ፣ 190 ዓመት ያህል መረጃ ይፈለጋል። ለፈንድ ሀ የ1.8 አልፋ 27 ዓመት ገደማ ይበቃል፤ መዋዠቁ ለገበያው ቅርብ ስለሆነ ነው።

የሚያሳስቱ ሁኔታዎች

ብልጫው ከዜሮ በታች ሲሆን ሻርፕ ደረጃውን ይገለብጣል። ሁለት ፈንዶች እኩል 6 በመቶ ከወለዱ በታች ቢያስመዘግቡ፣ መዋዠቁ 15 የሆነው ‎−0.40፣ 30 የሆነው ‎−0.20 ያገኛል፤ ይበልጥ አደገኛው በላጭ መስሎ ይቀመጣል። ገበያ በወረደባቸው ዓመታት የሚወጡ የደረጃ ሰንጠረዦች ላይ ይህ ሳይታረም ይገኛል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ብልጫውንና ስጋቱን ለየብቻ ማሳየት ይሻላል።

ሌላው አሳሳች ነገር እምብዛም የማይሸጡ ንብረቶችን የያዘ ፈንድ ነው። ዋጋቸው በግምት ስለሚመዘገብና ግምቱም ስለሚዘገይ የወሮቹ ትርፍ ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑም ቤታውም ከእውነተኛው ያንሳሉ። ገበያው ከወለዱ በላይ በሚያተርፍበት ጊዜ ሦስቱም መለኪያዎች አብረው ያብጣሉ። ምልክቱ የአንድ ወር ትርፍ ካለፈው ወር ትርፍ ጋር ግልጽ ዝምድና ማሳየቱ ነው። ይህ ከታየ የገበያውን ያለፈ ወር ትርፍ እንደ ሁለተኛ ተለዋዋጭ አስገብቶ ሁለቱን ቤታዎች መደመር ስህተቱን በከፊል ያርመዋል፤ አልፋውም ሆነ ትሬይነሩ መሰላት ያለባቸው በድምሩ ቤታ ነው።